ለደራሲው ልልከው ያሰብኩት ደብዳቤ፦ እህትየው ሻለቃውን መቼ ነው ያወቀችው?

አንባቢዋ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ከመላኬ በፊት እናንተ እንድታዩልኝ ፈልጌ ነው። የደራሲውን ስምና የመጻሕፍቱን ርዕስ ሆን ብዬ ትቻለሁ፤ ሦስተኛውን ቅጽ ገና ያልጨረሰ ሰው እዚህ አይጠፋም። ያነበበ ግን ወዲያው ያውቀዋልና እባካችሁ ስም እንዳትጠሩ። ደብዳቤው ይሄ ነው፦

«ይድረስ ለተከበሩ ደራሲ፣

ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሮ አንባቢዎ ነኝ። ሁለተኛው እስኪወጣ ስንት ጊዜ መጽሐፍ መደብር እንደተመላለስን እኛ ነን የምናውቀው። አሁን ሦስተኛውን ጨረስኩና እንቅልፍ አጣሁ። በመጀመሪያው ቅጽ፣ በ1971 ዓ.ም. ችሎት ላይ፣ ወንድምየው ‹ሻለቃው ቤታችን እየመጣ ቡና ይጠጣ ነበር፤ እህቴ ትመስክርልኝ› ይላል። እህትየው ተጠርታ ‹ሰውየውን አላውቀውም፤ ስሙንም ሰምቼ አላውቅ› ትላለች። ወንድሟ የተፈረደበት በዚህች ቃል ነው። በሦስተኛው ቅጽ ግን ታሪኩ ወደ ኋላ ይመለስና የውጭ አገሩ ሐኪም በ1977 ለሚስቱ የጻፈው ደብዳቤ ይነበባል። እዚያ ላይ እህትየው ለሻለቃው በገዛ እጇ ቡና ትቀዳለታለች፤ በስሙም ትጠራዋለች። እንዴት እንዲህ ያለ ስህተት አለፈዎት? ሦስት ቅጽ ሙሉ ያለቀስነው በከንቱ ነው ማለት ነው? መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ።»

ይላክ ወይስ ይቅር?

መጽሐፍ_አዟሪ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት መጽሐፍሽን ቁጠሪ። አንድ ደንበኛዬ «የሞተው ሰውዬ ሠርግ ላይ ጠጅ ሲጠጣ አገኘሁት፣ ይሄ ደራሲ አብዷል» ብሎ እየተቆጣ መጣ። መጽሐፉን ተቀብዬ ብገልጠው ከ144 ቀጥሎ 161 ነው። አሥራ ስድስት ገጽ ሲጠረዝ ቀርቷል። ሰውየው ያልሞተበት፣ የሌላ ሰው ሬሳ እንደሆነ የሚነገርበት ምዕራፍ ያለው እዚያ ውስጥ ነበር። ተሰርቀው የሚታተሙት ላይማ ጭራሽ ይብሳል፤ መሐል ላይ የሌላ መጽሐፍ ገጽ ገብቶበት ያየሁት አለ። ስለዚህ ገንዘብሽን ማስመለስ ከፈለግሽ ደራሲውን ተይና የገዛሽበት ሱቅ ሂጂ። ደረሰኝ ካለሽ ይቀይሩልሻል።

አንባቢዋ

ወንድሜ፣ ገንዘብ አይደለም የምጠይቀው። ግን ምክርህን ሰምቼ አየሁት፤ ገጾቹ ሙሉ ናቸው። የመጀመሪያውን ቅጽ የጓደኛዬ እጅ ካለው ሁለተኛ እትም ጋርም አስተያይቼዋለሁ፣ «ስሙንም ሰምቼ አላውቅ» የሚለው በሁለቱም ላይ ቃል በቃል አንድ ነው።

ባሻ_ቆጣሪ

ሰዎች፣ ይሄ እኮ ክፍተት አይደለም! ችሎቱ በ1971 ነው፣ የሐኪሙ ደብዳቤ በ1977። ስድስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ችሎት ላይ አላወቀችውም፣ በኋላ ተዋወቁ፣ ቡና ቀዳችለት። አለቀ። «ታሪኩ ወደ ኋላ ይመለሳል» ያልሽው አንቺ ነሽ እንጂ መጽሐፉ እንደዚያ አይልም። ይልቅ ወንድሟን ያሳሰረውን ሰው ቤቷ ማስገባቷ ነው የሚገርመኝ።

የኔታ_ልጅ

ባሻ፣ ደብዳቤውን የጻፈው ፈረንጅ ነው፤ ለሚስቱ ሲጽፍ በራሱ ዘመን አቆጣጠር ነው የሚጽፈው። በእነሱ 1977 ከሆነ አብዛኛው በእኛ 1969 ነው፣ ከችሎቱ ሁለት ዓመት በፊት። በግምት እንዳንጨቃጨቅ ግን አንባቢዋ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ደብዳቤው ላይ በዓል ወይም የሳምንቱ ቀን ተጠቅሷል?

አንባቢዋ

አዎ፣ ሁለቱም። መግቢያው ላይ «ትናንት ጥምቀታቸው ነበር። ዛሬ ሐሙስ የሚካኤልን ታቦት ሸኝተን ስንመለስ ቡና ተጠራን» ይላል። ወር አልጻፈም፣ ዓመቱ 1977 ብቻ ነው።

የኔታ_ልጅ

በቂ ነው። የሚካኤል ታቦት የሚገባው በማግስቱ በቃና ዘገሊላ፣ ጥር 12 ነው። ከመስከረም 1 እስከ ጥር 12 ስንት ቀን አለ? አራት ወር በሠላሳ ሠላሳ ቀን 120፣ ከጥር ደግሞ 11፤ ድምሩ 131። ይህ አሥራ ስምንት ሳምንት ከአምስት ቀን ነው። ስለዚህ የየትኛውም ዓመት ጥር 12 ዕለቱ፣ የዚያ ዓመት እንቁጣጣሽ ከዋለበት ዕለት አምስት ቀን ወደ ፊት ተቆጥሮ የሚገኘው ነው።

እንቁጣጣሽ በ1969 ዓ.ም. ቅዳሜ ዋለ። አምስት ስትቆጥሩ፦ እሁድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ እንቁጣጣሽ ማክሰኞ ነበር፤ ጥር 12 እሁድ ላይ ወደቀ። ሐሙስ የሚለው ደብዳቤ የ1969 ብቻ ነው የሚሆነው።

ለነገሩ ደራሲው «ዘመነ ማቴዎስ» ብሎ ብቻ ቢጽፈው ኖሮ ምንም አይጠቅመንም ነበር። በሁለቱ መሐል ስምንት ዓመት ስላለ ሁለቱም ማቴዎስ ናቸው። የሳምንቱ ቀን ነው ያዳነን።

ባሻ_ቆጣሪ

እሺ ሒሳቡ ያምራል። ግን ደራሲው ይሄን ሁሉ አስልቶ ነው የጻፈው? ዝም ብሎ «ሐሙስ» ብሎስ ቢሆን? ልብ ወለድ ነው እኮ፣ ባሕረ ሐሳብ አይደለም።

የኔታ_ልጅ

ሊሆን ይችላል። በግምት የጻፈ ሰው ከሰባት አንዴ ይመታል። ግን ፈረንጁ የፈረንጅ ዓመት ጽፎ፣ ያ ዓመት ከሐሙሱ ጋር ሲገጥም ለእኔ ሁለቱ አብረው ይመዝናሉ። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በል። ቀኑን እንዲህ ተጠንቅቆ የጻፈ ደራሲ የችሎቱን ቃል ረሳው ማለት ይከብዳል። ቀኑን በግምት የጻፈ ከሆነ ደግሞ መርሳቱም አይገርምም።

ሲልቨርስፕሪንግ

እዚህ ዲሲ አካባቢ የመጽሐፍ ምርቃት ሲኖር ማይክ ይዞ መጠየቅ ነው፣ ደብዳቤ የት ይደርሳል? ለማንኛውም የሼርሎክ ሆምስ ደራሲ ኮናን ዶይል እንኳ አንባቢዎች በደብዳቤ ሲያዋክቡት ተሳስቻለሁ ብሎ አምኗል። የብስክሌት ጎማ ዱካ አይቶ ብስክሌቱ ወዴት እንደሄደ ማወቅ ይቻላል ብሎ ጽፎ ነበር። አይቻልም አሉት፣ አዎ አይቻልም አለ። ትልቅ ሰው እንዲህ ነው፤ የእኛ ግን ይቆጣል።

ቀለም_ቀንድ

ሲልቨርስፕሪንግ፣ ግማሹን ነው የነገርከን፤ የሚጣፍጠው ቀሪው ነው። ለአንባቢዋም የሚጠቅማት እሱ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝም፤ ብዙ ዘመን የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝና ይቅር በሉኝ።

ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1904 የወጣው የፕራዮሪ ትምህርት ቤት ጉዳይ ነው። ሆምስ እርጥብ ሜዳ ላይ የጎማ ዱካ ያያል። ክብደት የሚያርፈው የኋላው ጎማ ላይ ስለሆነ ጠልቆ የገባው ዱካ የኋላው ነው፤ የኋላው የፊተኛውን ረግጦ ያጠፋበት ቦታም ይታያል፤ ስለዚህ ብስክሌቱ ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ እየሄደ ነበር፣ ይላል። ከዚያ ከዓለም ዙሪያ ደብዳቤ ጎረፈ፤ ዶይል ራሱ በ1924 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ፣ አንዳንዱ በሐዘኔታ ሌላው በቁጣ የተጻፈ ነበር ይላል። ከዚያ ምን አደረገ? ብስክሌቱን አውጥቶ ሞከረው። የኋላው ጎማ የፊተኛውን መርገጡ ወደየትኛውም አቅጣጫ ቢነዱት ያው እንደሆነ አየ፤ ደብዳቤ ጸሐፊዎቹ ልክ ነበሩ። እዚያው ላይ ግን ይጨምርና፣ ወጣ ገባ ሜዳ ላይ ዳገት ሲወጣ ጎማው ጠልቆ ይገባል፣ ቁልቁለት ላይ ግን ላይ ላዩን ነው የሚነካው፤ ስለዚህ ሆምስ ማወቁ ትክክል ነበር ይላል። ተሳስቻለሁ ያለው ለራሱ ነው፤ ሆምስን አሳልፎ አልሰጠም።

ይሄ ጥያቄ መልስ ያገኘው ደራሲው ወጥቶ ሊሞክረው የሚችል ነገር ስለነበረ ነው። ያንኑ ሰውዬ ደግሞ በሌላ ጊዜ ተመልከቱት። አንድ አርታኢ ስለ አንድ ታሪኩ «እዚህ ቦታ ሁለተኛ ሐዲድ የለም» ብሎ ጻፈለት። ዶይል የመለሰው «እኔ አስገባለሁ» ብሎ ነው። ታሪኩ ሐዲዱን ይፈልገዋል፣ አለቀ። አንባቢዋ፣ «እንዴት ስህተት አለፈዎት» ስትይ ሐዲድ የለም እያልሽው ነው። የምታገኚው መልስም የሐዲዱ ዓይነት ነው የሚሆነው።

አሁን ወደ ሻለቃው። የአንቺ ክፍተት ቁርጥ የሆምስን ጠላት የሞሪያርቲን ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1893 ታኅሣሥ በስትራንድ መጽሔት በወጣው ታሪክ ሆምስ ጓደኛውንና የታሪኩን ተራኪ ዋትሰንን ስለ ፕሮፌሰር ሞሪያርቲ ሰምተህ አታውቅ ይሆናል ይለዋል፤ ዋትሰንም ፈጽሞ ይላል። ታሪኩ የሆነው በ1891 ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ከ1914 መስከረም ጀምሮ በዚያው በስትራንድ መጽሔት ሌላ ሙሉ ልብ ወለድ በተከታታይ ወጣ፤ ታሪኩ የሚሆነው ግን በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ከመጀመሪያው በፊት ነው። እዚያ ላይ ሆምስ ስለ ሞሪያርቲ ስናገር ሰምተሃል ሲለው ዋትሰን ያንን ዝነኛ ወንጀለኛ ማለትህ ነው ይላል። ያው ሰው፣ ያው ስም፤ በፊት ያውቀዋል፣ በኋላ ሰምቶት አያውቅም።

ለምን ሆነ ብላችሁ ስታዩት ስንፍና ብቻ አይደለም። በ1893 ዶይል ሆምስን ሊገድለው ፈልጓል፤ ለሆምስ የሚመጥን ገዳይ ያስፈልገዋል። አንባቢው ሰውየውን ከዚያ በፊት አይቶት ስለማያውቅ አንድ ሰው «ማን ነው እሱ?» ማለት አለበት፤ ያ ሰው ዋትሰን ነው። በ1914 ግን ሞሪያርቲ ከሞተ ቆይቷል። እሱን ከጀርባ ሆኖ ገመድ እንዲጎትት ከፈለገ ታሪኩ ከሞቱ በፊት መሆን አለበት፤ ዓለም የሚያውቀውን ስም እንደ አዲስ ማስተዋወቅ ደግሞ ሁለተኛውን ታሪክ ያንዛዛዋል። እያንዳንዱ ውሳኔ ለራሱ መጽሐፍ ትክክል ነበር። የተጋጩት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። ወደ ኋላ የሚመለስ ቅጽ በኋላ ሲጻፍ አብዛኛው ክፍተት የሚገባው በዚህ በር ነው፤ የእርማት ሥራ ላይም ደጋግሜ ያየሁት ይሄንኑ ነው።

አንባቢዎች ከዚያ ወዲህ ብዙ ማስታረቂያ አምጥተዋል። የሚሻለኝ ይሄ ነው፦ ዋትሰን ያውቅ ነበር፤ ግን በ1893 የሚጽፈው ሞሪያርቲን ለማያውቅ አንባቢ ስለሆነ፣ ጥያቄውን በአንባቢው ቦታ ሆኖ ጠየቀ። ማለትም የዋሸው ተራኪው ነው፣ ለጥሩ ምክንያት። ይሄ ግን የሚሠራው ዋትሰን ራሱ ጸሐፊ ስለሆነ ነው። የአንቺ መጽሐፍ ተራኪ ማን ነው?

አንባቢዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመጀመሪያው ቅጽ ተራኪ ከታሪኩ ውጪ ነው፣ «እሷ እንዲህ አለች» እያለ ነው የሚሄደው። ግን አንዳንዴ ውስጧ ይገባል። ከምስክርነቱ ሁለት አንቀጽ ዝቅ ብሎ «ቃሏን ሰጥታ ስትወርድ ደረቷ ቀለላት» ይላል። እኔ እውነት ተናግራ ስለሆነ ነው የቀለላት ብዬ ነበር የወሰድኩት።

ዝም_ባይ

ወይም ውሸቱን ተናግራ ስለገላገላት። «ደረቷ ቀለላት» ሁለቱንም ይሸከማል እኮ።

እኔ ግን ከነጭራሹ ለምን ደራሲው ይጠየቃል ባይ ነኝ። መጽሐፉን ጽፎ ሰጥቶናል። አሁን «አዎ ዋሽታ ነው» ብሎ ቢመልስልሽ መጽሐፉ ላይ የሌለ ነገር ነው የሚጨምረው። «ረስቼው ነው» ቢልሽ ደግሞ ዕድሜ ልክሽን ያንን ችሎት ስታነቢ የእሱ እርሳታ ነው የሚታይሽ። በሁለቱም ትከስሪያለሽ።

ቀለም_ቀንድ

ዝም_ባይ፣ የመጀመሪያው አንቀጽህን እቀበላለሁ፤ ጥሩ ዓይን ነው። በሁለተኛው አልስማማም። ደራሲው በሕይወት አለ፣ አራተኛ ቅጽ ሊጽፍ ይችላል፤ ደብዳቤው ሊነካው የሚችለው ገና ያልተጻፈውን ነው።

አንባቢዋ፣ ሌላም ነገር ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1911 ሮናልድ ኖክስ የሚባል ሰው በሆምስ ታሪኮች ውስጥ ያሉትን ቅራኔዎች እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ሊቅ እያመሳከረ ጥናት አቀረበ። ነገሩ ቀልድም ቁም ነገርም ነበር። ዶይል ያንን አይቶ በ1912 ጻፈለት፤ አንድ ሰው ለዚህ ዓይነት ጽሑፍ ይህን ያህል መድከሙ ገርሞታል፣ አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ አለው። ይሄ ትህትና ብቻ አይመስለኝም። ደራሲ መጽሐፉን እንደ አንባቢ ደጋግሞ አያነበውም። ስለዚህ «በመጀመሪያው ቅጽ እንዲህ ብለዋል» ብለሽ ብቻ አትለፊ፤ እትሙንና ገጹን ጥቀሺ፣ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ቃል በቃል ገልብጪለት። ገጽ ብቻ ብትጽፊ እሱ እጅ ያለው እትም ሌላ ሊሆን ይችላል። ፈልጎ ካጣው ደብዳቤሽን አጣጥፎ ያስቀምጠዋል።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ። አሁን ያለው ደብዳቤሽ ሁለት ጥያቄ አለው፤ ሁለቱም ጥያቄ ሳይሆኑ ወቀሳ ናቸው። «በከንቱ ነው ያለቀስነው?» ለሚል ሰው ምን ይባላል?

ሲልቨርስፕሪንግ

ጋሼ የሞሪያርቲን ወንድም ረሱት። የፕሮፌሰሩ ወንድም ኮሎኔል ጄምስ ሞሪያርቲ ነው ተብሎ ነበር፤ በ1903 በወጣው ታሪክ ደግሞ ፕሮፌሰሩ ራሱ ጄምስ ሆኖ ቁጭ አለ። ሁለት ወንድማማች አንድ ስም! ይሄም ዋትሰን ለአንባቢ ብሎ የዋሸው ነው?

ቀለም_ቀንድ

እሱን ማንም ሊያስታርቀው አይችልም፣ የረሳው ነው። ሁሉም ክፍተት አንድ ዓይነት አይደለም ወንድሜ። የጄምስ ነገር ቢስተካከልም ባይስተካከልም ከታሪኩ ምንም አይወድቅም። የሻለቃው ነገር ግን ምሰሶው ነው፤ ሲነቀነቅ የወንድምየው ፍርድ አብሮ ይነቀነቃል። ለደራሲ ሊጻፍለት የሚገባው እንዲህ ያለው ነው።

አንባቢዋ

እሺ፣ እንደገና ጻፍኩት፦

«ይድረስ ለተከበሩ ደራሲ፣

ሦስቱንም ቅጾች አንብቤያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ ነው።

በመጀመሪያው ቅጽ (አንደኛ እትም) የችሎቱ ምዕራፍ ላይ እህትየው ስለ ሻለቃው ‹ሰውየውን አላውቀውም፤ ስሙንም ሰምቼ አላውቅ› ትላለች። ተራኪው ቀጥሎ ‹ቃሏን ሰጥታ ስትወርድ ደረቷ ቀለላት› ይላል። በሦስተኛው ቅጽ የሐኪሙ ደብዳቤ ‹ዛሬ ሐሙስ የሚካኤልን ታቦት ሸኝተን ስንመለስ ቡና ተጠራን› ብሎ ይጀምርና እህትየው ሻለቃውን በስሙ ጠርታ ቡና እንደቀዳችለት ይናገራል። ቃና ዘገሊላ ሐሙስ የዋለው በ1969 ስለሆነ ደብዳቤው ከችሎቱ ሁለት ዓመት እንደሚቀድም ተረድቻለሁ።

ጥያቄዬ፦ እህትየው ችሎት ላይ ስትቆም ሻለቃውን ታውቀው ነበር?

የገጹን ቁጥርና የሁለቱን ቦታዎች ግልባጭ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ጤና ይስጥልኝ።»

ቀለም_ቀንድ

አሁን ደብዳቤ ሆነ። ግልባጩን ከአንድ ገጽ እንዳታሳልፊው። በአሳታሚው በኩል ላኪው፤ በማኅበራዊ ገጹ ስር አስተያየት አድርገሽ እንዳትለጥፊው፣ ሰው መሐል ሲጠየቅ መልሱ ለሰው መሐል ነው የሚሆነው።

ባሻ_ቆጣሪ

1969 የሚለውን ተይው ባይ ነኝ። ሳያሰላ ጽፎት ከሆነ ታሳፍሪዋለሽ።

የኔታ_ልጅ

አስልቶ ጽፎት ከሆነስ? አንድ ሰው ስላየለት ደስ ይለዋል። ይቀመጥ።

የገጠር_ቡና

ዘግይቼ ነው የገባሁት፣ ይቅርታ። ክሩን ሳነብ ሁለተኛውን ቅጽ ማንም አለማንሳቱ ገርሞኝ ሄጄ አወጣሁት። ሻለቃው ከፍርዱ በኋላ እነሱ ቤት የሚመጣበት ቦታ ትዝ ይላችኋል? እንደ እንግዳ ነው የምትቀበለው፤ «ማን ልበል?» ትለዋለች። ተቀምጦ ቡናው ሲደርስ ግን «ቆንጠር አድርጋ ጨው ጨመረችለትና ሲኒውን አቀበለችው» ይላል። ልብ በሉ፣ አልጠየቀችውም። ያኔ ያነበብኩት ጊዜ ዝም ብዬ አልፌዋለሁ። እንግዳ ሰው ቡናውን በጨው ይጠጣ በስኳር ሳትጠይቂ ጨው የምትጨምሪው መቼ ነው?

ዝም_ባይ

ኧረ! ይሄ ከደብዳቤው ሁሉ ይበልጣል። መጠየቅ አያስፈልግም ያልኩት ለዚህ ነው፣ መጽሐፉ ራሱ መልሶታል።

መጽሐፍ_አዟሪ

ቆይ ቆይ፣ እኔ ያደግኩበት ቤት ሁሉም ሰው በጨው ነው የሚጠጣው። እንግዳም ቢሆን ጨው ነው የሚደረግለት፣ ማንም «ስንት ማንኪያ ስኳር?» አይልም። የእነሱስ ቤት እንደዚያ ከሆነ?

የገጠር_ቡና

እሱን አስቤዋለሁ። ሁለተኛው ቅጽ ላይ ሌላ የቡና ቦታ አላገኘሁም። የመጀመሪያውን ቅጽ ለሰው አውሼ አልተመለሰልኝም፤ ያለው ሰው ለቅሶው ላይ ያለውን ቡና ይይልኝ፣ እናትየው ስኳር አምጡ የምትል መስሎኛል ግን አልምልም።

አንባቢዋ

ትላለች። አሁን ገልጬ አየሁት፣ «ስኳሩን ወዲህ በሉት» ነው የምትለው። ግን የምትለው ለጎረቤቶቹ ነው፣ ለቤተሰቡ አይደለም። ለደብዳቤው የጨውን ቦታ ልጨምር ወይስ ጥያቄው ሁለት ይሆንብኛል?

ቀለም_ቀንድ

ጥያቄው አንድ እንደሆነ ይቆይ፤ ጨውን ግልባጩ ላይ ሦስተኛ አድርገሽ ብቻ ጨምሪው፣ ምንም አስተያየት ሳትሰጪበት። አውቆ ያስቀመጠው ከሆነ ምን እንዳየሽ ይገባዋል። ካልሆነም ለአራተኛው ቅጽ ሐሳብ ሰጠሽው።

ዝም_ባይ

ይሄው፣ ያልኩት ደረሰ፤ ልታጽፉት ነው። እኔ በበኩሌ ሳይጠየቅ ቢቀር ይሻለኝ ነበር።